አስቸኳይ፦ ማክሰኞና ረቡዕ ግቢያችን ውስጥ የደም ልገሳ አለ፣ በተለይ ኦ የሆናችሁ እባካችሁ

ሰላም የግቢ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ፖስቱ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ጊዜ የሌላችሁ ይቺን ብቻ ያዙልኝ፦ ማክሰኞ ግንቦት 12 ማራኪ ካምፓስ ከተማሪዎች ላውንጅ ጎን ያለው አዳራሽ፣ ረቡዕ ግንቦት 13 ቴዎድሮስ ካምፓስ ላይብረሪው ፊት ለፊት ድንኳን ይተከላል፣ ሁለቱንም ቀን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 10 ሰዓት፣ ምሳ ሰዓት ላይም አይዘጋም። ደም የሚቀዱት የደም ባንክ ባለሙያዎች ናቸው፣ እኛ የበጎ ፈቃድ ክበብ ልጆች ደግሞ ወረፋውን እናስተባብራለን።

አስቸኳይ ያልነው ዝም ብለን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙን ለመነጋገር ሄደን ፍሪጁን ከፍተው ሲያሳዩን የኦ መደርደሪያ ላይ የቀሩት ከረጢቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ኦ ኔጌቲቭ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቦታ ደግሞ ባዶውን ነው ያየነው። አሁን ፋይናል እየደረሰ ነው፣ ከዛ ክረምት ይገባና ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን፣ ግቢ ባዶ ሲሆን ደም የሚሰጠውም አብሮ ይቀንሳል፣ የሚታመመው ሰው ግን ክረምት ነው ብሎ አይቀርም። ቀድመን ብዙ ሰብስበን እናስቀምጥ እንዳንል ደግሞ ደም እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይከማችም፣ ቀይ የደም ሴሉ ፍሪጅ ውስጥ 35 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፣ ፕላትሌት የሚባለውማ 5 ቀን ብቻ። ስለዚህ አንዴ ብዙ ሰው መጥቶ ከሚጠፋ ሁሌም የሚሰጥ ሰው ቢኖር ነው የሚሻለው።

እኔ የአራተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አምና አታችመንት ላይ እያለሁ ማዋለጃ ክፍል አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም አላት፣ ከገጠር ነው የመጡት፣ ባሏ ጋቢውን እንደለበሰ የደም መጠየቂያ ወረቀቷን በሁለት እጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ማንበብ ስለማይችል ላገኘው ሁሉ ያሳያታል፣ እኔንም «እህቴ፣ ይችን የት ነው ምወስዳት?» አለኝ። አብሬው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ምንም አላወራም፣ አንዴ ብቻ ልጁ ወንድ ነው አለኝ። የእሷ ኦ ፖዘቲቭ ነው፣ የዛን ቀን ሁለት ከረጢት ተገኘላትና ተረፈች። ከረጢቱ ላይ ቁጥርና ቀን እንጂ ስም የለም፣ ማን እንደሰጠ አላውቅም፣ ግን ከጥቂት ቀን በፊት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለነበር ነው ያቺ ሴትዮ ልጇን ያቀፈችው፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ተመርምሮ፣ ተቀድቶ ይድረስላት ቢባል አይደርስም ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ሰዓት አይሰጥም፣ ይሄን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ክበቡን የተቀላቀልኩት።

እናቶች ብቻም አይደሉም። የመኪና አደጋ አለ፣ ወባ ደማቸውን የጨረሰባቸው ህፃናት አሉ፣ የካንሰር ህክምና ላይ ያሉ አሉ፣ ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ ካላዛር ይዟቸው ጎንደር ድረስ የሚመጡ የቀን ሰራተኞች አሉ፣ በሽታው ደማቸውን ያሟጥጠዋል፣ ብዙዎቹ እዚህ ከተማ አንድም ዘመድ የላቸውም።

መስጠት የሚችለው ማነው? እድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ በዛን ቀን ጤነኛ የሆነና ባለፉት 3 ወራት ደም ያልሰጠ። እርጉዝ ወይም የምታጠቡ እህቶች ይቅርባችሁ፣ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ያላችሁ ወይም በቅርብ ወባ ታማችሁ የነበራችሁ፣ አዲስ ንቅሳት የተነቀሳችሁም እዛው ለባለሙያው ንገሩና እሱ ይወስን፣ በራሳችሁ አትገምቱ።

ሰጥታችሁ ለማታውቁ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ግፊትና ክብደት ይለካል፣ ከዛ ጣታችሁን ወጋ አድርገው አንድ ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ይጥሏታል፣ ጠብታዋ ቶሎ ከሰመጠች ደማችሁ በቂ ነው፣ ከተንሳፈፈች አነስ ብሏል ማለት ነውና ተመግባችሁ ሌላ ጊዜ ኑ ትባላላችሁ። ከዛ ትተኛላችሁ፣ መርፌዋ ስትገባ ቆንጠጥ ታደርጋለች እንጂ ከዛ በኋላ ያን ያህል አያምም፣ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሚወሰደው ቢበዛ 450 ሚሊ ነው፣ አንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ሰውነት ይቋቋመዋል፣ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ቀይ ሴሉ ሳምንታት ይፈልጋል። መርፌዋና ከረጢቱ አዲስ ናቸው፣ ፊታችሁ ነው የሚከፈቱት። ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ ብስኩትና ለስላሳ ትወስዳላችሁ፣ ቶሎ ብድግ አትበሉ፣ የዛን ቀን ኳስም ጂምም ይቅር።

በጣም የምለምናችሁ ነገር፦ ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ! ራሳቸውን ስተው የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ባዶ ሆዳቸውን የመጡ ናቸው። በዓለ ሃምሳ ላይ ስለሆንን ረቡዕም ጾም የለም፣ በሌላ ምክንያት የምትጾሙ ካላችሁ ግን ጾማችሁን ጨርሳችሁ በሌላ ቀን ብትሰጡ ይሻላል፣ ውሃም በደንብ ጠጡ።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ልናገር፣ ለማንም ክብር ሳላጓድል። የተሰጠው ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ግን በቅርብ የተያዘ ሰው ደም ላይ ምርመራው ገና ላያሳይ የሚችልበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ «እግረ መንገዴን ውጤቴን ልወቅ» ብሎ መምጣት ለሚቀበለው በሽተኛ አደጋ ነው፣ መመርመር የፈለገ ሰው ጤና ተቋም ሄዶ በሚስጥር ይመረመራል። ፎርሙ ላይ ያሉት ጥያቄዎች የግል ቢመስሉም በእውነት መልሱልን፣ እኛ አስተባባሪዎቹ ፎርሙን አናየውም፣ ባለሙያው ብቻ ነው የሚያየው።

መስጠት የማትችሉ ወይም የማትፈልጉ ደግሞ ምክንያታችሁን ማንም አይጠይቃችሁም፣ ጓደኞቻችሁንም እባካችሁ «ፈርቶ ነው» እያላችሁ አታሸማቅቁ፣ ደም በይሉኝታ አይሰጥም። ወረፋ ላይ ቆይታችሁ ሃሳባችሁን ብትቀይሩም ዝም ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። መርዳት ለምትፈልጉ ሌላም ስራ አለ፣ ውሃ የሚያድል፣ የሰጡትን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያጫውት ሰው ያስፈልገናል።

ደሙ ይሸጣል የሚል ወሬ እሰማለሁ። ደም በሀገራችን በነጻ ነው የሚሰጠው፣ በነጻ ነው ለታካሚ የሚደርሰው፣ ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ካለ የእኛ ሰው አይደለም።

የተማሪ መታወቂያችሁን ያዙ። ከዚህ በፊት ሰጥታችሁ የለጋሽ ካርድ ያላችሁ እሱንም አምጡ፣ የደም ዓይነታችሁን ለማታውቁ ባለሙያዎቹ ይነግሯችኋል። ወረፋ እንዳይበዛ እስከ ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ድረስ በየዲፓርትመንታችሁ ሬፕ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ሳትመዘገቡ ብትመጡም አትመለሱም። ኦ ኔጌቲቭ መሆናችሁን የምታውቁ ግን በሬፖቻችሁ በኩል ቀድማችሁ አሳውቁን፣ ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ላይ እናስገባችኋለን። ፋሲል ካምፓስ ያላችሁ ልጆች ማክሰኞ ወደ ማራኪ ኑ፣ 3 ሰዓት ላይ ከበሩ ጀምሮ የክበቡን ቀይ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ይጠብቋችኋል።