ለ«የሌሊት ሰማይ» ገጻችን፦ ሊንክ ሲላክ የሚታዩ ርዕሶችና መግለጫዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጽሑፎች ሊንካችን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በሌላ መልእክት መላኪያ ሲላክ ከሥሩ በሚወጣው ሳጥን ውስጥ የሚታዩ ናቸው። «ርዕስ» ያልኩት og:title ላይ ይገባል፣ «መግለጫ» ያልኩት ደግሞ og:description ላይ። ከእያንዳንዱ ሥር የጻፍኩት ማብራሪያ ለእኛ ብቻ ነው። አብሮ እንዳይገባ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ስልክ ረዘም ያለ ርዕስ ሲያገኝ ጫፉን ይቆርጠዋል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ዋናው ነገር ነው። «አይደለም» ወይም «የለም» መጨረሻ ላይ ካለ ደግሞ ባሰ፤ ሳጥኑ ልንል ያሰብነውን ተቃራኒ ይናገራል። ርዕሶቹን አጭር ያደረግኳቸው፣ አንዳንዶቹንም በሁለት ዓረፍተ ነገር የከፈልኳቸው ለዚህ ነው። ስትገለብጡ «ትንሽ ላስተካክለው» ብላችሁ አታያይዟቸው።

የፊት ገጽ

ርዕስ፦ ዛሬ ማታ ቀና በሉ
መግለጫ፦ በባዶ ዓይን የሚታዩ ፕላኔቶች፣ የጨረቃ ዙር፣ ተወርዋሪ ኮከቦችና ግርዶሾች። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም።

የገጹን ስም ርዕሱ ውስጥ አላስገባሁም። og:site_name ላይ «የሌሊት ሰማይ» የሚል አለ፤ ብዙ መተግበሪያዎች ከርዕሱ በላይ ያሳዩታል። ሁለት ጊዜ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው። ይህ ለሁሉም ገጾች ይሠራል።

ጨረቃ ለምን ትጎድላለች

ርዕስ፦ ጨረቃ ለምን ትጎድላለች? ጥላ አይደለም
መግለጫ፦ ግማሿ ሁልጊዜ ፀሐይ ያርፍባታል። የሚለዋወጠው እኛ የምናየው ክፍል ነው። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ገደማ።

የድሮው ርዕስ «ጨረቃን በየወሩ የሚያጎድላት የምድር ጥላ አይደለም» ነበር። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን «ጨረቃን በየወሩ የሚያጎድላት የምድር ጥላ…» ሆኖ ሲቆረጥ አስቡት። ልናርመው የተነሳነውን ስህተት ራሳችን እየበተንነው ነው። አዲሱ ቢቆረጥ እንኳ የሚቀረው ጥያቄው ነው፤ ጥያቄ ማንንም አያሳስትም።

የሚንቀሳቀሰው ኮከብ

ርዕስ፦ ያ የሚሄደው ኮከብ ሰው አለበት
መግለጫ፦ ሳይብለጨለጭ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃ ካቋረጠ የጠፈር ጣቢያው ሊሆን ይችላል። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በ90 ደቂቃ አንድ ዙር።

ይህን እወደዋለሁ። እንደ ማጋነን ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከኖቬምበር 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሰው ውሎ አያውቅም። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን እንዳታወጡት፤ ሰማይ ላይ የሚሄድ ብርሃን ሁሉ ጣቢያው አይደለም፣ ተራ ሳተላይቶችም አሉ።

የ2027ቱ ግርዶሽ

ብዙ የሚላከው ይህ ገጽ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው።

ርዕስ፦ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ፦ ኦገስት 2፣ 2027 እ.ኤ.አ.
መግለጫ፦ ልዩ የግርዶሽ መነጽር ያዙ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ጥላው ከደቡብ ስፔን በሰሜን አፍሪካ አልፎ እስከ ሶማሊያ ይሄዳል። እናንተ ዘንድ ምን ያህል እንደሚታይ እዩ።

«ፀሐይ ለ6 ደቂቃ የምትጠፋበት ቀን» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይማርካል፣ አልክድም። ግን ከ6 ደቂቃ በላይ የሚጨልመው በግብፅ ሉክሶር አካባቢ፣ በጥላው መሐል መስመር ላይ ነው። ከመስመሩ የራቀ ሰው ከፊሉን ብቻ ያያል፣ የባሰ የራቀው ደግሞ ምንም አያይም። ርዕሱን አይቶ ለቤተሰቡ ግሩፕ የላከ ሰው በዚያ ቀን ቆሞ ሲጠብቅ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ካልጠፋች፣ የሚታማው እሱ ነው። እኛን ማንም አያስታውሰንም። ላኪን የሚያሳፍር ርዕስ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አይልክልንም።

መነጽሩን መግለጫው መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት ብዙ ሰው ሊንኩን ሳይከፍት ሳጥኑን ብቻ አንብቦ ስለሚያልፍ ነው። ለዓይኑ የሚጠቅመው ነገር እዚያው ይድረሰው። መጀመሪያ የጻፍኩት «ፀሐይን በባዶ ዓይን መመልከት ፈጽሞ አደገኛ ነው» የሚል ነበር። ይህም ሲቆረጥ «ፀሐይን በባዶ ዓይን መመልከት…» ይሆናል። ግብዣ ይመስላል! «ያዙ» ግን ሦስት ቃል አልፎ ይመጣል፣ አይቆረጥም። የመነጽሩ መለኪያ ISO 12312-2 መሆኑ ገጹ ውስጥ አለ፤ ሳጥኑ ላይ ማንም አያነበውም።

«እ.ኤ.አ.» የሚለውንም አታንሱት። ያለ እሱ 2027ን ያየ ሰው ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብሎ ያልፈዋል። የወሩንም ስም «ኦገስት» ያልኩት ለዚሁ ነው፤ ግማሹን በአንድ አቆጣጠር፣ ግማሹን በሌላ መጻፍ ሰው ያምታታል።

ሲገባ ይህን ይመስላል፦

```html
<meta property="og:type" content="article">
<meta property="og:locale" content="am_ET">
<meta property="og:site_name" content="የሌሊት ሰማይ">
<meta property="og:title" content="ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ፦ ኦገስት 2፣ 2027 እ.ኤ.አ.">
<meta property="og:description" content="ልዩ የግርዶሽ መነጽር ያዙ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ጥላው ከደቡብ ስፔን በሰሜን አፍሪካ አልፎ እስከ ሶማሊያ ይሄዳል። እናንተ ዘንድ ምን ያህል እንደሚታይ እዩ።">
<meta property="og:image:alt" content="ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ ለሙሉ ስትሸፍን፣ ዙሪያዋ ነጭ የብርሃን አክሊል">
```

og:url እና og:image ሲስተሙ ራሱ ስለሚሞላቸው አልጻፍኳቸውም። ሥዕሉ 1200 በ630 ይሁን፤ ጽሑፍ አይለጠፍበት። አንዳንድ መተግበሪያ ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን አድርጎ ግራና ቀኙን ይቆርጠዋል፣ ፊደሉም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ጥቅስ ካስፈለገ « » ተጠቀሙ። ቀጥ ያለው የእንግሊዝኛ ጥቅስ ምልክት content ውስጥ ከገባ ጽሑፉ እዚያው ያበቃል።

የአጥቢያ ኮከብ

ርዕስ፦ የአጥቢያ ኮከብ ፕላኔት ናት
መግለጫ፦ ቬነስ ከጨረቃ ቀጥሎ የሌሊቱ ሰማይ ደማቅ ናት። አንዳንዴ ከንጋት በፊት፣ አንዳንዴ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ። እኩለ ሌሊት ላይ ለምን እንደማትገኝ ገጹ ላይ አለ።

የፀሐይ ብርሃን

ርዕስ፦ የምታዩዋት ፀሐይ ከ8 ደቂቃ በፊት የነበረችው ናት
መግለጫ፦ ብርሃን ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከጨረቃ 1 ሰከንድ ከምናምን። ከቅርቡ ኮከብ ከ4 ዓመት በላይ።

«ከምናምን» የሚለውን ያላመናችሁበት አላችሁ። እኔ ይቆይ እላለሁ። ሰው ለጓደኛው ሲነግር እንዲህ ነው የሚለው፤ ሳጥኑም የሚወጣው በጓደኞች ወሬ መሐል ነው።

ተወርዋሪ ኮከቦች

ርዕስ፦ ተወርዋሪ ኮከብ የሚበዛበት ሌሊት
መግለጫ፦ ፐርሴይድ በየዓመቱ ኦገስት 12 እና 13 አካባቢ ይደምቃል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከመብራት ርቃችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ።

የፐርሴይድን ምንጭ፣ ኮሜቱን ስዊፍት-ተትልን እዚህ አላነሳሁም። ገጹ ላይ በደንብ ተጽፏል። ሳጥኑ ውስጥ የሚጠቅመው መቼና እንዴት ነው።

ቮዬጀር 1

ርዕስ፦ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሄደ ነው
መግለጫ፦ ቮዬጀር 1 ሰው ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የራቀው ነው። የላከው ምልክት በብርሃን ፍጥነት መጥቶ እንኳ ከ23 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትጻፉ። በየቀኑ ይጨምራል፤ የተላከ ሳጥን ደግሞ አይታደስም።

ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይ

ርዕስ፦ ከቴሌስኮፕ በፊት ባይኖኩላር
መግለጫ፦ 7×50 ወይም 10×50 ይበቃል። የጨረቃ ጉድጓዶችና ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ይታዩበታል።

የወሩ ሰማይ

ርዕስ፦ በዚህ ወር ሰማይ ላይ ምን አለ?
መግለጫ፦ ሙሉ ጨረቃ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ፕላኔት በየት በኩል እንደሚታይ፣ ቀንና ሰዓቱ።

የወሩን ስም ርዕሱ ላይ ማድረግ ያምራል፤ ግን አይሆንም። የዚህ ገጽ አድራሻ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፣ መተግበሪያዎቹም ያነበቡትን ርዕስ ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ያቆያሉ። አዲሱ ወር ገብቶ ሳጥኑ ያለፈውን ሊያሳይ ይችላል። የወር ስም የግድ ከተባለ ለየወሩ የራሱ አድራሻ ይከፈትለት።

ስለ እኛ፣ ፍለጋ፣ መጻፊያ ቅጽ

ለእነዚህ የተለየ ጽሑፍ የለም። የፊት ገጹን መግለጫ ይውሰዱ፤ ርዕሱ የገጹ ስም ይሁን።

ስታስገቡ

ጽሑፎቹ ሰርቨሩ በሚልከው ገጽ ውስጥ መኖር አለባቸው። በኋላ በጃቫስክሪፕት የሚገቡ ከሆነ ሳጥኑን የሚሠሩት ፕሮግራሞች በአብዛኛው አያዩዋቸውም።

ካስገባችሁ በኋላ ሊንኩን ለራሳችሁ ልካችሁ በስልክ እዩት። በኮምፒውተር የሚታየው ሰፊ ስለሆነ የትኛው ቃል እንደሚቆረጥ አይነግራችሁም። ቴሌግራም የድሮውን ካሳያችሁ ሊንኩን ለ@WebpageBot ላኩለት፤ እንደገና ያነበዋል። ለፌስቡክ Sharing Debugger አለ። ዋትስአፕ ላይ ግን ሳጥኑ የሚሠራው በላኪው ስልክ ነው፤ አንዴ ከሄደ እኛ ብናርመውም የደረሰው ሰው ጋ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ የግርዶሹ ገጽ ሁለት ሰው በስልኩ ሳያየው አይለቀቅ። አንደኛው ትንሽ ስክሪን ያለው ስልክ ይያዝ።