ለስኳርና ለኩላሊት ሕመም የምግብ ዝርዝር፦ ሰበታ ለሚኖሩ ታካሚ

ይህ ወረቀት ከሐኪም የተሰጠዎት የእንግሊዝኛ ዝርዝር በቤትዎ ምግብና ዕቃ የተመለሰበት ነው። ወጥ የምትሠራው ልጅዎም ታንብበው። የተዘጋጀው ለ65 ኪሎ ክብደት፣ ለጠዋትና ማታ ኢንሱሊንና እጥበት ላልጀመረ ኩላሊት ነው። እጥበት ከተጀመረ የሥጋና የእንቁላሉ መጠን ይጨምራል፤ ያኔ ይህ ወረቀት አያገለግልም። ሳልሞን፣ ብሮኮሊና ቶርቲላ ወጥተዋል።

መለኪያ

እንግሊዝኛው «ካፕ» የሚለው 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት የቡና ሲኒ ያህል ይይዛል። የቤትዎን ጭልፋ አንድ ጊዜ ይለኩት፦ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጭልፋ ውኃ ይሙሉ። በአራት ጭልፋ ከሞላ አንዱ ጭልፋ ግማሽ ካፕ ነው። በስምንት ከሞላ፣ ከታች «አንድ ጭልፋ» ባልንበት ሁለት ይጨልፉ። ጭልፋው ልሙጥ ይሁን፣ አይከመር።

እንጀራው በትልቁ ምጣድ የተጋገረ፣ ስስ የጤፍ እንጀራ ነው። ሩቡ 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ወፍራም ከሆነ ከሩቡ ይቀንሱ።

የቀኑ ምግብ

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ 7:00 ጠዋት የተባለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ምሳ ሰዓት አይደለም።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፦ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ጨጨብሳ ቅቤውም በርበሬውም ስለሚበዛ ለበዓል ይቆይ፤ ያኔም አንድ ጭልፋ ብቻ።

4 ሰዓት፦ አንድ ቁራጭ አናናስ ወይም አንድ ትንሽ ፖም።

ምሳ 7 ሰዓት፦ ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር፣ አንድ ጭልፋ ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ።

10 ሰዓት፦ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ ጨውም ሱፍም ኦቾሎኒም የሌለበት።

እራት 1 ሰዓት፦ ሩብ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ የአትክልት አልጫ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ሁለት ቁራጭ የበሰለ ሥጋ ወይም ዶሮ። ሥጋው ለምሳ ከተበላ ለእራት አይደገምም፤ በጾም ቀን በቦታው አንድ ጭልፋ ምስር ይግባ። ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት መጾም አደገኛ ነው። ለሐኪሙም ለንስሐ አባትዎም አስቀድመው ይንገሩ፤ ለበሽተኛ ቤተ ክርስቲያንም ትፈቅዳለች።

ትሪ ላይ አብረው ሲበሉ መጠኑ ይጠፋል። ድርሻዎን ከመጀመርዎ በፊት በሳህን ያውጡ። ጉርሻም ይቆጠራል።

ጨው

ለቀኑ የሚፈቀደው በጠቅላላ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። አብዛኛው ቤት ሳናየው የሚገባው በወጡ ላይ ሳይሆን በዱቄቱ ነው፤ ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ይደባለቅበታል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ያለ ጨው ተዘጋጅቶ ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ በተለየ ዕቃ ይቀመጥ። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይሸፍኑታል። የሾርባ ኩብ ይቅር። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው «ለደም ግፊት የሚስማማ ጨው» በፖታሲየም የተሠራ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት። ቡናም ስኳርም ጨውም ሳይገባበት ይጠጣ።

ፖታሲየም

የመጨረሻው የደም ውጤትዎ 5.6 ነው፤ ከፍ ብሏል፣ ልብን ሊረብሽ ይችላል። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ምርመራ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካንና የቲማቲም ድልህ ይቁሙ። ስፕሪስም ይቅር፤ የፍራፍሬው ፖታሲየምና ስኳር በአንድ ብርጭቆ ተጠራቅሞ ይገባል።

ድንች መብላት ከፈለጉ ይላጥ፣ በትንንሹ ይከተፍ፣ በብዙ ውኃ ይቀቀልና ውኃው ይደፋ፤ ከዚያ በአዲስ ውኃ እንደገና ይቀቀል። ሳይላጥ ከተቀቀለ ፖታሲየሙ ውስጡ ይቀራል። የሀበሻ ጎመንም ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ፤ ያንን ውኃ ለወጥ አይጠቀሙ። ድንች ያለበት ቀን እንጀራው ይቀንሳል፤ የእንቁላል መጠን ያለው አንድ ድንች ከስምንተኛ እንጀራ ጋር ይተካካል።

ኮካም አይጠጡ፤ ስኳሩ ብቻ ሳይሆን የሚጨመርበት ፎስፈሪክ አሲድም ለኩላሊት አይበጅም።

ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ካለ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ይጠጡ። እንግሊዝኛው የብርቱካን ጭማቂ ይላል፤ ለእርስዎ በፖታሲየሙ ምክንያት ቀይረነዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ሲወጣ፣ ቀጣዩ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከራቀ ሩብ ዳቦ ይብሉ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን በደም ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ሌሊት ብቻዎን አይተኙ። ራስዎን ከሳቱ ቤተሰብ በአፍ ምንም ሳይሰጥ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰድዎ።