ነጠላዋን ከመለጠፍዎ በፊት፦ የዕቃ ፎቶ ለኤአይ ለሚያሳይ ጀማሪ ባለሱቅ

አክስቴ ሽሮ ሜዳ ላይ ትንሽ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የእኔ ሥራ ነው። ለገና አንድ ነጭ ነጠላ ለጠፍኩ። ጥለቷ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አራት ሰው «ሰማያዊው ስንት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሰማያዊ ነጠላ የለንም። ሰዎቹ በደንብ አላዩም ብዬ ያንኑ ፎቶ ደግሜ ላክሁላቸው። አንድም የገዛ የለም።

በኋላ ፎቶውን ለኤአይ ሰጥቼ ምን እንደሚታይ ጠየቅሁ። ቀለል ያለ ሰማያዊ ሻርፕ የሚል መልስ መጣ። ያኔ ቀና ብዬ አየሁ። ከሱቁ በር በላይ የተወጠረው ሸራ ሰማያዊ ነው። የፀሐዩ ብርሃን በሸራው አልፎ ነው ነጠላዋ ላይ የሚያርፈው። እኔ ጠዋት ማታ ስለማጣጥፋትና ስለምዘረጋት ነጭ ሆና ነው የምትታየኝ። ፎቶውን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ሰማያዊ ናት።

ኤአይ ለባለሱቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሱቁን አያውቅም፤ ዕቃውን ነክቶ አያውቅም። ልክ እንደ ገዢው ፎቶውን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከመለጠፍዎ በፊት «እስቲ እየው» ብለው የሚያሳዩት የመጀመሪያ ዓይን ያድርጉት። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን አይስጡት።

የሚጠቀሙት ኤአይ ቻት ጂፒቲም ሆነ ጀሚናይ፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም በስልክ ይሠራሉ፤ በነፃም ይጀመራሉ። ነፃው በቀን የሚቀበለው ፎቶ ግን ገደብ አለው። መጻፊያው አጠገብ የ+ ምልክት አለች። እሷን ነክተው ፎቶውን ይመርጣሉ፤ ከሥሩ ጥያቄዎን በአማርኛ ይጽፋሉ።

መጀመሪያ ግን ፎቶው ራሱ ደህና ይሁን። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ቀኑን ሙሉ በእጅ ሲነካካ የዋለ ካሜራ ላይ ቅባት አለ፤ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ፍላሽ አያብሩ። ሸራ ወይም ቀለም ያለው ፕላስቲክ ከላይ ካለ ዕቃውን ከሥሩ አውጡት። እኛ አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው የምናነሳው፤ ደጅ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይመታው።

ነጭ ልብስ የሚሸጥ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የስልክ ካሜራ ነጭ ነገር ፊቱን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጩ ነጠላ አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ያደረ ወይም ያልታጠበ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ነጠላዋን በጣትዎ ይንኩ። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። እሷን ወደ ላይ ትንሽ ይሳቧት። ነጩ እስኪነጣ፣ የፈትሉ መስመር ግን ሳይጠፋ። ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ደግሞ ነጠላዋ ከግድግዳው ጋር ትቀላቀላለች። እኛ ከሥር ቡናማ ቆዳ ዘርግተንበታል፤ ጥለቱም ጠርዙም ያኔ ተለይቶ ወጣ።

ሦስት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ሙሉውን፣ አንዱ ጥለቱን ከቅርብ፣ አንዱ ታጥፎ። ከቅርቡ ላይ ባለ 1 ብር ሳንቲም ብታስቀምጡ የጥለቱ ስፋት ይታወቃል።

አሁን ከመላክዎ በፊት ትንሽ ቆም ይበሉ። ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። ፎቶው ውስጥ ከዕቃው ሌላ ምን አለ? እኔ ከላክሁት አንድ ፎቶ ጥግ ላይ የአክስቴ የዱቤ ደብተር ተዘርግቶ ነበር። የሦስት ጎረቤት ስም፣ ያለባቸው ብርና የአንዷ ስልክ ቁጥር በግልጽ ይነበባል። ያየሁት ከላክሁ በኋላ ነው፤ በጣም አፈርኩ። ሰዎቹ አምነው ነው የተጻፉት። ደብተር፣ ደረሰኝ ላይ ያለ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የባንክ አካውንት፣ ቆሞ ልብስ የሚመርጥ ደንበኛ ፊት፣ እነዚህ ሁሉ ተቆርጠው ይውጡ። ስልኩ ላይ ፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ጠርዙን ስቦ መቁረጥ ይቻላል። ስልኩ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ አብሮ ሊይዝ ስለሚችል በካሜራው ሴቲንግ ሎኬሽኑን ማጥፋትም ጥሩ ነው። ቻት ጂፒቲ የሚጠቀሙ ከሆነ Settings ውስጥ Data Controls የሚለውን ይክፈቱ። Improve the model for everyone የሚለውን ካጠፉት የሚልኩት ነገር ለማሠልጠኛ እንዳይውል ያደርጋሉ።

ፎቶውን ከስልክዎ ጋለሪ በቀጥታ ይስጡት። ቴሌግራም ላይ ተልኮ የተመለሰ ፎቶ አይሁን። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ቀጭን ክር ይደበዝዛል። ረዳትዎ ፎቶውን በቴሌግራም የሚልክልዎ ከሆነ File በሚለው በኩል ይላክልዎ።

ወደ ጥያቄው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ይህ ቆንጆ ነጭ ነጠላ እንዴት ነው?» ብለው ከጀመሩ መልሱን አስቀድመው ነግረውታል። ነጭ ነው ካሉት ነጭ ነው ሊልዎት ይችላል፤ ቆንጆ ነው ካሉት ቆንጆ ነው ይላል። እነዚህ መሣሪያዎች የጠያቂውን ቃል ተከትሎ የመስማማት ጠባይ አላቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው መልእክት ስለ ዕቃው ምንም አይንገሩት። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ይህን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ገዢ ሆነህ እየው። ምን ዕቃ ነው? ቀለሙ ምንድን ነው? ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ ነው? በግልጽ የማይታየው ምንድን ነው? በአጭሩ ንገረኝ።»

መልሱ ሲመጣ ዕቃውን በእጅዎ ይዘው ያንብቡት። ቀለሙን ስቶ ከሆነ ፎቶው ብርሃን ላይ ችግር አለበት። ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ከኋላ ያለው ቀይ ባልዲ ላይ ከሆነ ባልዲው ይነሳ። ከዚያ ሁለተኛውን ይጻፉ፦

«ይህ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ነጠላ ነው። መሬቱ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ልለጥፈው ነው። ገዢዎቼ በስልክ ነው የሚያዩት፤ አንዳንዶቹ ውጭ አገር ናቸው። ፎቶውን እንደገና ባነሳው መጀመሪያ የማስተካክላቸውን ሁለት ነገሮች ንገረኝ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ክሩ ዓይነትና ስለ ጥራቱ አትገምት። ከፎቶው የማይታወቀውን አይታወቅም በል።»

ሁለት ነገር ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ልቅ ካደረጉት የምክር መዓት ያወርድብዎታል። መብራት ግዛ፣ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አምጣ፣ ምንጣፍ ቀይር። ሁለቱን አስተካክለው እንደገና ያንሱ። ከዚያ አዲስ ቻት ይክፈቱና የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ይድገሙ። በድሮው ቻት ከቀጠሉ ነጭ ነጠላ መሆኑን አስቀድሞ ሰምቷል፤ ምስክርነቱ አይረባም።

የማያውቀውን ነገር ማወቅ ግን የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ስላየ አንድ ቀን ሐር ነው አለኝ። ሐር አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ያንን ገልብጬ ለጥፌው ቢሆን ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ ቃላችንን አምና ለሠርግ ትገዛው ነበር። በሰው እጅ ተልኮ የሄደ ዕቃ ደግሞ አይመለስም። ጋቢ አሳይተነው ብርድ ልብስ ያለበትም ጊዜ አለ። ጋቢ አራት እጥፍ መሆኑን ከላይ ከተነሳ ፎቶ ሊቆጥር አይችልም። የሸማኔ እጅ ይሁን የፋብሪካ፣ ጥጡ ምን ያህል እንደሚለሰልስ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ እነዚህን የሚያውቀው የነካው ሰው ነው። አክስቴ ድሩንና ማጉን በአውራ ጣቷ ዳብሳ ትነግርዎታለች።

የታሸገ ምግብ የሚሸጡ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ መሣሪያው በፈረንጅ ሊቆጥረው ይችላል። 2018 የሚል ካየ ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነው ዕቃ ሊመስለው ይችላል። የአማርኛ ጽሑፍም አንዳንዴ አሳስቶ ያነባል። ቀኑንና የማሸጊያውን ጽሑፍ በራስዎ ዓይን ያረጋግጡ።

አንድ የምለምንዎ ነገር አለ። «ፎቶውን አሳምርልኝ» አይበሉት። ያሳምረዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ ፎቶውን እንደገና ስሎ ነው። ጥለቱን ከቅርብ ያስተያዩት። የኛው መስቀል የነበረበት ቦታ አበባ የመሰለ ነገር ገብቶበት ነበር፤ አንዱ አረንጓዴ መስመር ጠፍቷል። ያ ነጠላ ሱቃችን ውስጥ የለም። ሸማኔው ቀናት የደከመበትን ጥለት ትቶ ያልተሸመነ ጥለት መሸጥ ደግሞ ለገዢም ለሸማኔም በደል ነው። ብርሃኑን ማስተካከል ከፈለጉ ስልኩ ላይ ባለው ማስተካከያ ይበቃል።

ሲለጥፉ ከፎቶው ሥር የሚጽፉት ከእጅዎ የወጣ እውነት ይሁን። የኛዋ ነጠላ ሁለተኛ ስትለጠፍ ከሥሯ ያለው ይህ ነበር፦

«በእጅ የተሸመነ የጥጥ ነጠላ። መሬቱ ነጭ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ፣ በሰው ሠራሽ ክር። ርዝመት 2 ሜትር ከ40፣ ስፋት 1 ሜትር ከ10። የጥለቱ ስፋት አራት ጣት። ፎቶው ደጅ በጥላ ሥር የተነሳ ነው። ዋጋ 2,500 ብር።»

በዚያው ቀን ማታ የመጣው የመጀመሪያው መልእክት «ነጯን ያዙልኝ» ይላል።