ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው

«ልጁ ትናንት የገዛውን መጽሐፍ ለእህቱ ሰጣት።»

ጎበዝ! ምንም የሚታረም ነገር የለውም። «መጽሐፍ ላይ ን ረሳሁ እንዴ?» ብለህ ጠርዙ ላይ የጻፍካትን አየኋት። አልረሳህም። ተሳቢው መጽሐፉ ነው፤ ግን ከፊቱ ገላጭ ስላለ «ው» እና «ን» ገላጩ ላይ ዐረፉ፦ የገዛ-ው-ን። «ትልቁን ቤት ሸጠ» ስንልም እንደዚያው ነው፤ «ትልቅ ቤቱን» አንልም። ገላጩን ብታወጣው ግን ሁለቱም ወደ ስሙ ይመለሳሉ፦ «መጽሐፉን ሰጣት»።

«ልጁ» ባለቤት ነው፤ «ኡ» የትኛው ልጅ እንደሆነ መታወቁን ያሳያል። «ለእህቱ» ላይ ያለችው «ኡ» ግን ሌላ ናት፤ «የእሱ» ማለት ነች። መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል!

«ትናንት»ን በትክክል አስቀምጠሃታል። ከ«የገዛውን» በፊት ስለሆነች የተገዛበትን ቀን ትናገራለች። «የገዛውን መጽሐፍ ትናንት ለእህቱ ሰጣት» ብትል ኖሮ ትናንት የሆነው መስጠቱ ይሆን ነበር።

«ሰጣት» ውስጥ ሰጪው እሱ፣ ተቀባይዋ እሷ ናት። «አት» እህቱን ታመለክታለች። ለወንድሙ ቢሆን «ሰጠው» ትል ነበር።

አራት ነጥቡንም አልረሳህም። ባለፈው ሳምንት ሦስቴ ነበር የጠፋብህ!