ስለ እንግዳ ማረፊያዎ ስምንት ክፍሎች የእንጨት ዕቃ፦ የተከለሰ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ቅዳሜ በስልክ «ዋጋህ ጣሪያ ነካ» ካሉኝ በኋላ ሒሳቡን እንደገና ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «እደውልልሃለሁ» ብሎ በዚያው ይጠፋል።

ያሉኝ ሦስት ነገር ነው። ከ550 ሺህ ብር በላይ መክፈል አይችሉም። ሌላ ባለሙያ 520 ሺህ ብሎዎታል። ስምንቱም ክፍል ለገና እንዲደርስ ይፈልጋሉ።

ከሌላው ሰው ዋጋ ልጀምር። ስለ ሙያው ምንም አልልም፤ ሥራውን አላየሁትም። ግን ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። 520 ሺው ቫትን ይጨምራል ወይ? ካልጨመረ 15 ከመቶው ሲገባበት 598 ሺህ ይሆናል። ማጓጓዣውና መግጠሚያውስ የማን ነው? እኔ የሰጠሁዎት 760 ሺህ ቫት፣ መኪናና መግጠሚያ ሁሉም ያለበት ነው። አሁን የማቀርበውም እንደዚያው ነው።

«ዝም ብለህ 200 ሺህ ቀንስልኝ» ብለው ነበር። ጋሼ፣ ይህን ማድረግ አልችልም። ዕቃው ሳይነካ ያን ያህል ብር ከቀነስኩልዎ፣ ወይ መጀመሪያ ዋሽቼዎታለሁ፣ ወይ አሁን እርጥብ ጣውላ ላስገባልዎት አስቤያለሁ። ስለዚህ ዋጋውን የቀነስኩት ሥራውን በመቀነስ ነው።

አልጋዎቹ ዋንዛ እንደሆኑ ይቆዩ። እንግዳ የሚተኛበት፣ የሚገለባበጥበት፣ ልጅ የሚዘልበት እሱ ነው። የምንተወው የራስጌውን ቅርጽ ነው። አንድ ሠራተኛ አንዱን ራስጌ ለመቅረጽ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ከተሠራም በኋላ ትራስ ይሸፍነዋል። ራስጌው ያለ ቅርጽ ሲሠራ አንዱ አልጋ ከ38 ሺህ ወደ 33 ሺህ ይወርዳል፤ ስምንቱ 264 ሺህ። ርብራቡን ግን አላሳሳም፤ ማያያዣውንም ከብሎን ወደ ሚስማር አልቀይርም። በሚስማር የተመታ አልጋ ዓመት ሳይሞላው መንቃቃት ይጀምራል፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ክፍሎቹ ተጎራብተው ነው ያሉት።

ትልቁ ቅናሽ ያለው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሙሉ ዋንዛ ሲሆን አንዱን 42 ሺህ ብዬዎት ነበር። አካሉን በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ በሩን ብቻ በዋንዛ ብሠራው 29 ሺህ ይመጣል፤ ስምንቱ 232 ሺህ። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚቆም ሰው የሚያየው በሩን ነው። አንድ ችግር ግን አለው፤ ደብቄ አልሸጥልዎትም። ኤምዲኤፍ ውኃ ከነካው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። የጽዳት ሠራተኞችዎ ወለሉን በየቀኑ ይወለውላሉ፤ ሐይቁም እዚያው በረንዳው ሥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በ10 ሴንቲ ሜትር የዋንዛ እግር ላይ አቆመዋለሁ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳም አርቀዋለሁ። ይህ በ29 ሺው ውስጥ የተካተተ ነው።

16ቱ ኮመዲኖዎች 120 ሺህ ይወስዱ ነበር። እነሱን ትተን በየአልጋው ግራና ቀኝ ከራስጌው ጋር የተያያዘ ትንሽ መደርደሪያ እንሥራ፤ ስልክ፣ የውኃ ጠርሙስና መነጽር የሚይዝ። አንዱ 2,500፣ 16ቱ 40 ሺህ። ኮመዲኖው የግድ ነው ካሉ በሚቀጥለው ዓመት ሊጨምሩት ይችላሉ።

ድምሩ 536 ሺህ ብር ነው። ካሰቡት በታች ነው። ከዚህ በኋላ ግን የምቀንሰው የለኝም።

አሁን ወደ ቀኑ። ስምንቱን ክፍል ለገና ለማድረስ የሚያስቸግረኝ የሰው እጅ ሳይሆን እንጨቱ ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራበት ጣውላ እርጥበቱ ከ12 ከመቶ በታች ሲወርድ ነው የምነካው። ከዚያ በፊት የተሠራ አልጋ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጋው ሲጠና ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋዘኔ ውስጥ ለአራት ክፍል የሚበቃ፣ ከዓመት በላይ የቆየ ደረቅ ዋንዛ አለኝ። የቀረውን ሰኔ ላይ ነው የገዛሁት፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ምን ይደርቃል? ዛሬ ጠዋት ለካሁት፤ 16 ከመቶ ነው። ፀሐዩ እንዲህ ከቀጠለ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ በሁለት ዙር እንሥራ። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ታኅሣሥ 20 ገብተው ይገጠማሉ። ለገና ዘጠኝ ቀን ይቀራል፤ የቫርኒሹም ሽታ ይወጣል። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚያልፈው እንግዳ ሲመጣም አራት ክፍል ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ከሐይቁ ፊት ለፊት ያሉትን አራቱን ብናስቀድም ጥሩ ነው፤ በደንብ የሚከራዩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ዙር ጥር 25 ያልቃል። ጥር የሠርግ ወር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግማሹ እንደሚያመልጥዎትም ይገባኛል። ግን ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ስለሆነ ሁለት ሳምንት የሠርግ እንግዳ ያገኙባቸዋል።

«አይሆንም፣ ስምንቱንም ታኅሣሥ 20 እፈልጋለሁ» ካሉ መንገድ አለው። የደረቀ ጣውላ ከአዲስ አበባ አስጭኜ፣ ሁለት ሠራተኛ ጨምሬ፣ ማታ ማታም እየሠራን እናደርሳለን። ይህ 85 ሺህ ብር ይጨምራል፤ ድምሩ 621 ሺህ ይሆናል። እኔ ብሆን አልከፍለውም። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው፤ የክፍሉን ኪራይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ክፍያው በሦስት ይከፈላል። ቀብድ 214,400፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ተገጥመው ሲያዩአቸው 160,800፤ ሲያልቅ የቀረው 160,800። ቀብዱ የሚሄደው በቀጥታ ለኤምዲኤፍ፣ ለማጠፊያና ለቫርኒሽ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ዋጋቸው አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 18 ብቻ ነው የሚጸናው። ለታኅሣሥ 20 ግን ቀብዱ እስከ ኅዳር 15 መግባት አለበት፤ በዘገየው ቀን ልክ ማስረከቢያውም ይገፋል።

በእኔ ጥፋት ካለፈ በየቀኑ 1,500 ብር ከመጨረሻው ክፍያ ይቀንሱ፤ ውሉ ላይ እንጽፈዋለን። መብራት ጠፋ ብዬም ሰበብ አላቀርብም፤ ጄኔሬተር አለኝ። በእርስዎ በኩል የምጠይቀው የአራቱ ክፍሎች ወለልና ቀለም እስከ ታኅሣሥ 15 እንዲያልቅ ነው። ባለፈው ስመጣ የአንደኛው ክፍል ወለል ገና ሲሚንቶ ነበር። ደግሞ የጥጉ ክፍል ግድግዳ ቀጥ አይደለም፤ ላይ 1.96 ሜትር፣ ታች 1.90 ነው። ልስኑን የሚያስነኩት ከሆነ ከመቁረጤ በፊት ይንገሩኝ፤ ቁም ሳጥኑ እዚያ ነው የሚገባው።

ሐሙስ ከሰዓት ወርክሾፕ ነኝ። ቢመጡ ደረቁንና እርጥቡን ጣውላ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ መለኪያውን በእጅዎ ይዘው ያዩታል። ባለፈው በረንዳው ላይ ያጠጡኝን የዘጌ ቡና ያህል የሚጣፍጥ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ እኛ ጋ ያለው ሰፈር ውስጥ የሚሸጠው ነው።

አክባሪዎ፣
የእንጨት ሥራው ባለቤት