ከ12.5 በላይ ስንት ጆንያ አለ? የዜድ ስኮር ጥያቄ ከጅማ ቡና መጋዘን

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

ጅማ ከተማ ባለ አንድ መጋዘን 600 ጆንያ ያልታጠበ ቡና ተደርድሯል። እያንዳንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው። የቡናው እርጥበት ተለክቶ አማካዩ 11.3 በመቶ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.8 ሆኗል። የጆንያዎቹ እርጥበት ኖርማል ዲስትሪቢውሽን ይከተላል።

ሀ) እርጥበታቸው ከ12.5 በመቶ በላይ የሆኑት ጆንያዎች ከመቶ ስንት እጅ ናቸው? በቁጥርስ ስንት ይሆናሉ?

ለ) ገዢው ጥብቅ ሆኖ ወሰኑን 11.5 ቢያደርገውስ?

ሐ) ከ10.5 በላይ የሆኑትስ?

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ስለ 12.5 ትንሽ ልበል። ቁጥሩን እንዲሁ አላመጣሁትም። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 420 ላይ፣ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ግብ አስቀምጧል። እርጥብ ቡና ጆንያ ውስጥ ሲቆይ ይሻግታል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ጅማ ዝናብ የማያጣት አገር ናት። ቡናው በሚለቀምበት ወቅት ሰማዩ ከደመነ ማድረቂያ አልጋው ላይ ያለው ቡና ቀናት ይጨምራል። ስለዚህ «ከ12.5 በላይ ስንት አለ?» የሚለው እዚህ ከተማ ውስጥ በእውነት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

የሚለካውም በቀላሉ ነው። ከጆንያው የተወሰደው ፍሬ መለኪያው ውስጥ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል። 11.1። ቀጣዩ 10.6። ቀጣዩ 12.0። ቁጥሮቹ አማካዩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ራቅ ያሉት እያነሱ ይሄዳሉ። የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን እርሳስ አንሱ። ሰንጠረዡን ገና አትክፈቱ።

መጀመሪያ ኩርባውን ሳሉ። መሃሉ ላይ 11.3 ጻፉ። ከዚያ በስተቀኝ 12.5 ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ከመስመሩ ወደ ቀኝ ያለውን ቦታ አጥቁሩ። የተጠየቅነው የጠቆረውን ስፋት ነው። አይታችሁ ገምቱ፤ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በግልጽ ያንሳል፤ እንዲያውም ትንሽ ጭራ ነው። ይህን ግምት ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ዜድ ስኮሩን እናውጣ።

z = (x − μ) / σ

x ወሰኑ ነው፣ 12.5። μ አማካዩ፣ 11.3። σ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 0.8።

z = (12.5 − 11.3) / 0.8 = 1.2 / 0.8 = 1.50

1.50 ምን ማለት ነው? 12.5 ከአማካዩ በአንድ ተኩል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይበልጣል ማለት ነው። በቃ። ዜድ ስኮር በመቶኛ አይለካም፣ በኪሎም አይለካም። ለዚህ ነው አንድ ሰንጠረዥ ለቡና እርጥበትም፣ ለተማሪ ውጤትም፣ ለሰው ቁመትም የሚበቃው። ሰንጠረዥ ያስፈለገበት ምክንያትም አለው። ኩርባው ሥር ያለው ስፋት እንደ ሦስት ማዕዘን በአንድ አጭር ፎርሙላ አይገኝም። ሰዎች አንድ ጊዜ ደክመው አሰሉትና በሰንጠረዥ አስቀመጡልን።

ሰንጠረዡ ላይ በግራው ዓምድ 1.5ን ፈልጉ። ከላይ ባለው ረድፍ ደግሞ 0.00ን። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ 0.9332 ይላል።

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ጀርባ የምታገኙት ሰንጠረዥ የሚሰጠው ከመስመሩ በስተግራ ያለውን ስፋት ነው። 0.9332 ማለት 93.32 በመቶው ጆንያ ከ12.5 በታች ነው ማለት ነው። እኛ የተጠየቅነው ከበላይ ነው። ኩርባው ሥር ያለው ጠቅላላ ስፋት 1 ስለሆነ እንቀንሳለን።

P(X > 12.5) = 1 − 0.9332 = 0.0668

አሁን ጥግ ላይ የጻፋችሁትን ግምት ተመልከቱ። «ትንሽ ጭራ» ብለን ነበር፣ 6.68 በመቶ ደግሞ ትንሽ ጭራ ነው። ተስማሙ። መቀነሱን የረሳ ተማሪ 93.32 በመቶ ብሎ ይጽፍ ነበር። ሥዕሉን የሳለ ግን ይህ መልስ እንደማይሆን ወዲያው ያያል። (አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ከመሃል እስከ z ያለውን ብቻ ይሰጣል። ለ1.50 0.4332 የሚል ካያችሁ ሰንጠረዡ የዚያ ዓይነት ነው፤ ከ0.5 ቀንሱት፣ ያው 0.0668 ይመጣል።)

በጆንያ ስንቀይረው፦

600 × 0.0668 = 40.08

ወደ 40 ጆንያ። በ60 ኪሎ ስናባዛው 2,400 ኪሎ፣ ማለትም 24 ኩንታል ነው። ተመልሶ መድረቅ ያለበት ቡና ይህን ያህል ነው። 40 ጆንያ የሚጠበቀው ቁጥር ነው እንጂ እያንዳንዱ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ሲቆጠር 37 ወይም 44 ቢሆን አይግረማችሁ።

«ልክ 12.5 የሆነው ጆንያስ ወዴት ይገባል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እርጥበት ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ መጠን ስለሆነ አንዲት ነጠላ ነጥብ ላይ ያለው ስፋት ዜሮ ነው። «ከ12.5 በላይ» ብትሉም «12.5 እና ከዚያ በላይ» ብትሉም መልሱ አንድ ነው።

ለ) ወሰኑ 11.5 ሲሆን

z = (11.5 − 11.3) / 0.8 = 0.25

ሰንጠረዡ 0.5987 ይላል። 1 − 0.5987 = 0.4013። በ600 ስናባዛው ወደ 241 ጆንያ።

ወሰኑ የወረደው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚመለሰው ጆንያ ግን ከ40 ወደ 241 ዘለለ። ስድስት እጥፍ! ምክንያቱ ሥዕሉ ላይ አለ። ኩርባው ጠርዙ ላይ ቀጭን፣ መሃሉ አካባቢ ወፍራም ነው። መስመሩ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በትንሽ እርምጃ ብዙ ጆንያ ይሻገራል። ውል ከመፈረም በፊት ይህን ስሌት መሥራት ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው።

ሐ) ከ10.5 በላይ

z = (10.5 − 11.3) / 0.8 = −1.00

ኔጌቲቭ ወጣ። አትደንግጡ፤ ወሰኑ ከአማካዩ በታች ነው ማለት ብቻ ነው። ለ−1.00 ሰንጠረዡ 0.1587 ይላል። አሁንም የግራው ስፋት ነው፣ አሁንም ከ1 እንቀንሳለን፦ 0.8413። ወደ 505 ጆንያ። ኔጌቲቭ ዜድ የሌለው ሰንጠረዥ ከያዛችሁም ችግር የለም። ኩርባው ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ከ−1.00 በላይ ያለው ስፋት ከ+1.00 በታች ካለው ጋር አንድ ነው፤ የ1.00ን ብታነቡ 0.8413 በቀጥታ ታገኛላችሁ።

ኮምፒውተር ያለው ሰው የ«ሀ»ን መልስ ኤክሴል ላይ እንዲህ ያረጋግጥ፦

```
=1-NORM.DIST(12.5, 11.3, 0.8, TRUE)
```

0.0668 ይሰጣል። ፊት ያለችውን 1- ከረሳችሁ ግን ኤክሴልም የሚሰጣችሁ የግራውን ነው።

አሁን ጥያቄው ላይ ወዳልተጻፈው፣ እኔ ግን በጣም ወደምወደው ክፍል እንምጣ። 40ውን ጆንያ እንዴት እንቀንሰው?

አንዱ መንገድ ሁሉንም ቡና ይበልጥ ማድረቅ ነው። አማካዩ ወደ 10.9 ቢወርድ፣

z = (12.5 − 10.9) / 0.8 = 2.00

ከበላይ የሚቀረው 1 − 0.9772 = 0.0228 ነው፤ ወደ 14 ጆንያ ብቻ። ሌላኛው መንገድ አማካዩን ሳይነኩ ልዩነቱን ማጥበብ ነው። አልጋው ላይ ቡናውን በቀጭኑ ማስጣት፣ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፣ ዝናብ ሲመጣና ማታ ሁሉንም እኩል መሸፈን። በዚህ σ ከ0.8 ወደ 0.6 ቢወርድ፣

z = (12.5 − 11.3) / 0.6 = 2.00

ያው 2.00! ያው 14 ጆንያ።

ሁለቱ መንገዶች ግን በሚዛን ላይ እኩል አይደሉም። ቡና የሚሸጠው በኪሎ ነው። 600 ጆንያ 36,000 ኪሎ ነው። በ11.3 በመቶ እርጥበት ውስጡ ያለው ደረቁ ነገር 31,932 ኪሎ ይሆናል። እርጥበቱ ወደ 10.9 ሲወርድ ጠቅላላው ክብደት 31,932 ÷ 0.891 ማለትም 35,838 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ 162 ኪሎ ውኃ ሆኖ በነነ። ልዩነቱን ያጠበበው ሰው ይህን ኪሎ አላጣም። የጉልበት ዋጋ አለው፣ እውነት ነው። ግን ተማሪዎቼ σን ፎርሙላ ውስጥ እንዳለች አንዲት ፊደል ብቻ እንዲያዩአት አልፈልግም። እዚህ σ ማለት ቡናው በምን ያህል ጥንቃቄ ተገላበጠ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ኖርማል ዲስትሪቢውሽን ይከተላል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ተሰጥታችኋለች፤ መጋዘን ውስጥ ግን ማንም አይሰጣችሁም። ግማሹ ቡና ከማና፣ ግማሹ ከጎማ መጥቶ አንዱ በደንብ የደረቀ፣ ሌላው ዝናብ ያገኘው ቢሆን፣ ሥዕሉ ሁለት ጉብታ ያወጣል። ያኔ አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በትክክል ቢሰሉም ዜድ ስኮሩ የሚነግራችሁ መቶኛ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የተለካውን በሂስቶግራም እዩት። ሁለት ጉብታ ካለ ለየብቻ ሥሩት።

እስቲ ይህቺን ራሳችሁ ሞክሯት። 250 ጆንያ የታጠበ የሊሙ ቡና አለ። አማካይ እርጥበቱ 10.8፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.5 ነው። ከ12 በመቶ በላይ የሆነው ስንት ጆንያ ነው? መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ግምቱን፣ ከዚያ ዜዱን። ዜዱ 2.40 ከመጣላችሁ፣ ሰንጠረዡ ላይ 0.9918ን ካገኛችሁና ከ1 ቀንሳችሁ 0.0082 ካላችሁ፣ መልሳችሁ ወደ 2 ጆንያ ነው።