ፊክስ ነው

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደሴ በልግ ሲገባ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ይከናነብና እስከ ቀትር ፊቱን አያሳይም። የዚያ ዓመት ዝናብ ደግሞ የክፍላችንን ጣሪያ ለየት አድርጎ የወደደው ይመስላል። ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ተቀዷል። አንዱ ሰሌዳው አጠገብ፣ ሌላው ልክ ከእኔ ዴስክ በላይ።

አርብ ዕለት የእንግሊዝኛ ቲቸራችን አዲስ ጃንጥላ ይዞ ገባ። ከሌላ ከተማ ተመድቦ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጃንጥላው ጥቁር ነው፤ እጀታው እንጨት ይመስላል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ጧ! ብሎ ይከፈታል። ክፍሉ በሙሉ "ቲቸር አንዴ ድገመው!" ብሎ ጮኸ። ደገመው። ሦስተኛ ስንጠይቀው ዘጋውና ጥግ ላይ አቆመው።

ከዚያ ወደ ጣሪያው ጠቆመና ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ጻፈ።

"ፊክስ" አለ።

"ፊክስ!" አልን።

"መጠገን ማለት ነው። የተበላሸ ነገር ሲሠራ ፊክስ ሆነ ይባላል። ዊ መስት ፊክስ ዘ ሩፍ።"

"ዊ መስት ፊክስ ዘ ሩፍ!" ብለን እስኪደክመን ጮህን። ጣሪያው ግን አልሰማንም፤ ማንጠባጠቡን ቀጠለ።

የቤት ሥራ ሰጠን። በዚህች ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ሰኞ ይዛችሁ ኑ፣ ከመጽሐፍ መገልበጥ የለም፣ በሰፈራችሁ ካያችሁትና ከሰማችሁት ይሁን አለ። ሁለቱን እዚያው ጻፍኩ። አባቴ ሬዲዮ ጠገነ። ጎረቤታችን በር ጠገነ። ሦስተኛው አልመጣልኝም። ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ፣ አልመጣም።

በዚያ ሳምንት ፈረቃችን ከሰዓት ነበር። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አያቴ ሰኞ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ጃንጥላዋን ንፋስ ገልብጦባት ሁለት ሽቦ ወጥቷል።

"እምዬ፣ ለምን ፊክስ አናደርጋትም?" አልኳት።

"ምን አናደርጋትም?"

"አናስጠግናትም?"

"ሦስቴ ተጠግናለች። አሁንማ ከእሷ ይልቅ የጠጋኙ ሽቦ ይበዛል።"

የሰኞ ገበያን ያላየ ሰው ደሴን አየሁ እንዳይል። ከኩታበር በኩል የወረደው ገብስና ባቄላ በጆንያ ተደርድሯል፤ በሐይቅ መንገድ የመጣው ደግሞ ገና ከመኪና እየወረደ ነው። አህያው፣ ባጃጁ፣ ተሸካሚው ሁሉ "ዞር በሉ!" ይላል፤ ዞር የሚባልበት ቦታ ግን የለም። እምዬ እጄን ይዛ በመሀሉ እንደ መርፌ ሰንጥቃ ታልፋለች። ማር ትቀምሳለች፣ ባቄላ ትቆረጥማለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሳትገዛ ትመርቃለች። የተመረቀ ነጋዴ ደግሞ አይቆጣም።

ጃንጥላ ከሚሸጥበት ሱቅ ደረስን። ልክ የቲቸር ዓይነት ተሰቅሏል። ጥቁር፣ እጀታው እንጨት የሚመስል። ከሥሩ ካርቶን ላይ በትልልቁ "600 ብር፣ ዋጋው ፊክስ ነው" ይላል።

ልቤ ደረቴን ሊበሳው ደረሰ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር!

"እምዬ፣ ዋጋው ተጠግኗል ይላል።"

"ምን ተሰብሮ?"

ባለሱቁ ሳቀ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። "አይ የኔ እህት፣ ፊክስ ማለት አይነቃነቅም ማለት ነው። ተቆርጧል። ክርክር የለም።"

"ቲቸር መጠገን ነው ብሎናል" አልኩ።

"ቲቸርሽ ጃንጥላ አይሸጥም።"

ይህ መልስ አናደደኝ። በዚያ ዕድሜ ቲቸር የማያውቀው እንግሊዝኛ ያለ አይመስለኝም ነበር። ካርቶኑን ደግሜ አነበብኩት። ቃሏ ያችው ናት።

እምዬ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ካርቶኑ ምንም አላስጨነቃትም። ጃንጥላውን አወረደች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ሽቦውን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች።

"300 ልስጥህ።"

"እማማ፣ ፊክስ ነው እኮ!"

"እሱን ሰማሁ። 300።"

"ወላሂ አያዋጣኝም! መግዣዬም አይደለም።"

"አንተ ልጅ፣ በጠዋቱ አትማል። አላህ ይስጥህ።" ብላ ጃንጥላውን በቦታው ሰቅላ፣ እጄን ይዛ መንገድ ጀመረች።

ከጎናችን ካልሲ ትከሻው ላይ ደርድሮ የሚያዞር ልጅ ነበር። ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ጠጋ አለና በሹክሹክታ "ፊክሱን ነው" አለኝ።

"ምኑን ነው የጠገነው?"

"ኧረ አቦ! ፊክሱን ነው። ውሸቱን ነው! ፊክሳም ነው እሱ።"

ቆምኩ። አርብ መጠገን ነበረች። ከአምስት ደቂቃ በፊት አይነቃነቅም ሆነች። አሁን ደግሞ ውሸት። አንዲት ቃል በአንድ ጠዋት ስንት ቤት ትገባለች?

"እማማ! ይምጡ እስቲ!" አለ ባለሱቁ ከኋላችን። እምዬ አልዞረችም። ይህን ከእሷ ነው የተማርኩት፤ በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም። "እማማ፣ 500 ያድርጉት!" አሁንም አልዞረችም። ካልሲ ሻጩ ልጅ "አላልኩሽም?" በሚል ዓይን ያየኛል። "450! ለእርስዎ ስል!" ሲል እምዬ ዞረች።

"350። ለልጂቱ ስትል።"

በ350 ገዛን። ባለሱቁ እየጠቀለለ "እናንተ ጋር መነገድ ጣጣ ነው" ይላል፤ እምዬ ደግሞ ልጅ ይውጣልህ፣ ሱቅህ ይስፋ፣ እያለች ትመርቀዋለች። ስንሄድ ካርቶኑን ዘወር ብዬ አየሁት። 600 ብር፣ ዋጋው ፊክስ ነው። እንዳለ ነው።

ከሰዓት ዝናቡ ስለጠነከረ እምዬ ጃንጥላውን አስይዛ ላከችኝ። ክፍል ገብቼ ጥግ ላይ፣ የቲቸር ጃንጥላ አጠገብ አቆምኩት። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነበብኩ።

"ጉድ! ሦስተኛው?"

ሦስተኛውን በእንግሊዝኛ ማለት አልቻልኩም። በአማርኛ አልኩት። "ባለሱቁ ዋጋው ፊክስ ነው አለ፤ ግን ፊክሱን ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቲቸርም ሊስቅ ብሎ ጀመረና ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈ። አንድ ጃንጥላ ይዞ ገብቶ ሁለት ሆኖ አገኘው።

"ያኛው የማን ነው?"

"የአያቴ። ዛሬ ጠዋት ነው የገዛነው።"

"ሰኞ ገበያ? ካርቶን የተለጠፈበት ሱቅ?"

"አዎ ቲቸር።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስንት ገዛችሁት?"

"350።"

ቲቸር ዝም አለ። ጠብታው ሰሌዳው አጠገብ ጠብ፣ ጠብ ይላል። "ፊክስ ነው ይላል እኮ" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ከኋላ ዴስክ አንዱ "ፊክስ ነው ቲቸር!" አለው። የትኛውን ፊክስ እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ደብተሬን ተቀብሎ ሁለቱ ላይ የራይት ምልክት አደረገ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ሳያርመው መለሰልኝ።

ደወል ተደውሎ ልጆች ሲወጡ ጠራኝ።

"የሚመጣው ሰኞ ፈረቃችሁ ጠዋት ነው አይደል?"

"አዎ ቲቸር።"

"አያትሽ ከሰዓት ገበያ ይወጣሉ?" አለ። "ጫማ ልገዛ አስቤ ነበር።"